ወግ ሳይደርቅ መልእክት ማጽዳት

የአንድ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ሠራተኞች በቴሌግራም የተጻጻፉት ለአዲስ ሠራተኛ እንዲሰጥ ይፈለጋል እንበል። ከመልእክቶቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ጀለሶች፣ ሹፌሩ ላሽ ብሏል 😭 ሌላ መኪና asap ፈልጉልኝ፣ ዝርዝሩን eod እልካለሁ 🙏»

ብዙ ሰው ይህን ሲያስተካክል ብዕሩ ወደ ደብዳቤ ይሮጣል፦ «ሹፌሩ በሥራ ገበታው ላይ ባለመገኘቱ ሌላ ተሽከርካሪ በአስቸኳይ እንዲፈለግ እየጠየቅን፣ ዝርዝሩ በዕለቱ የሚላክ መሆኑን እንገልጻለን።» የአራዳው ቃል ወጣ፤ ሰውየውም አብሮ ወጣ። ይባስ ብሎ ወሬው ተለወጠ። ሹፌሩ መጥቶ ነው የሄደው፤ ደብዳቤው ግን ጭራሽ አልመጣም አለ።

ድርቀቱን ያመጣው የአራዳው ቃል መውጣቱ አይደለም። «እኔ» የነበረው «እኛ» ሆነ፣ «ፈልጉልኝ» ወደ «እንዲፈለግ» ዞረ፣ አጫጭሮቹ ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ገመድ ታሰሩ። እነዚህን ሳንነካ ቃላቱን ብቻ ብንቀይርስ? «ሹፌሩ ጥሎን ሄዷል። እባካችሁ ሌላ መኪና ቶሎ ፈልጉልኝ። ዝርዝሩን ከሥራ ሳልወጣ እልካለሁ።» አሁንም ያው ሰው ነው የሚናገረው።

እዚህ ላይ 🙏 «እባካችሁ» ሆኗል፤ 😭 ግን ምሬቱን «ጥሎን» ስለተሸከመለት ያለ ምትክ ወጥቷል። ምስሉ ሥራ ካለው ቃል ይተካዋል፣ ጌጥ ከሆነ ይሰረዛል። አስቸጋሪው 👍 ነው። «ነገ 2 ሰዓት መጋዘኑ ጋ እንገናኝ?» ለሚለው የተሰጠ 👍 ቢሰረዝ ጥያቄው መልስ አልባ ይቀራል። «እሺ» ብለን እንዳንተካው ደግሞ «አይቼዋለሁ» ለማለት ብቻ ተጭኖት ሊሆን ይችላል። ላኪውን መጠየቅ ነው። eod የሚለውም እንዲሁ፤ አንዱ የሥራ መውጫን፣ ሌላው እኩለ ሌሊትን ያስብበታል።

«እኮ»፣ «ደግሞ»፣ «ኧረ» የአራዳ ቋንቋ አይደሉምና አትንኳቸው፤ ንግግሩ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። «አንቺ» የተባባሉትንም «እርስዎ» አታድርጓቸው፤ «ጋሼ» የተባለው መጋዘን ጠባቂም «ጋሼ» ይሁን።

መልእክቱ ሲበዛ ኮምፒውተሩን «ላሽ ብሏል» የሚለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀይርልኝ ማለት ያጓጓል። «ላሽ» ብቻውን ከተፈለገ ግን «ልላክልሽ» ሲል «ልላክላሽ» ብሎ የጻፈውንና «ተበላሽቷል» የሚለውን ጭምር ይቆርጣቸዋል። ስለዚህ ሙሉውን ሐረግ ፈልጋችሁ እያንዳንዱን እያያችሁ ቀይሩ። «ላሽ» አንዱ ጋ መሄድ፣ ሌላው ጋ ጥሪ አለመመለስ ሊሆን ስለሚችል አንድ ምትክ ለሁሉም አይበቃም። የመጀመሪያውን ቅጂ ሳይነካ አስቀምጡ፤ ላኪዎቹም ከመሰራጨቱ በፊት የየራሳቸውን ያንብቡ።