ሦስት ቅርንጫፍ፣ አንድ መዝገብ፦ የደረሰኝ ቁጥር እንዴት ይመረጥ?

አንድ ሱቅ ብቻ ያለው ነጋዴ ስለ ደረሰኝ ቁጥር ብዙም አይጨነቅም። ከ1 ይጀምራል፤ እየጨመረ ይሄዳል። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሲከፈት ነው። ሁለቱም ቅርንጫፎች በየዓመቱ ከ1 የሚጀምሩ ከሆነ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው 245 የሆነ አሥር ደረሰኞች ይኖራሉ። ደንበኛው ደውሎ «በ245 የከፈልኩት» ሲል የሂሳብ ሠራተኛዋ የትኛውን ታውጣ?

አዲስ አበባ፣ አዳማና ሐዋሳ ላይ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ድርጅት እንውሰድ። ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው ሦስቱም ቅርንጫፎች ከአንድ ቆጣሪ ቁጥር እንዲወስዱ ነው። ይህ ግን ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ሽያጭ ያቆማል። ኔትወርኩ ባይቋረጥ እንኳ አዳማ እጅ ላይ 1001፣ 1004፣ 1009 ብቻ ስለሚገኝ፣ በመሃል የጎደለ ደረሰኝ መኖር አለመኖሩን ቅርንጫፉ ብቻውን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ተከታታይ ቁጥር ቢኖረው ይሻላል። ለምሳሌ የሐዋሳው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

```
03-18-00412
```

03 የቅርንጫፉ መለያ ነው፤ 18 የ2018 በጀት ዓመት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ተራ ቁጥሩ ነው። ቅርንጫፉ ቢዘጋም 03 ለሌላ ቅርንጫፍ አይሰጥም። ከፊት ያሉት ዜሮዎች ኮምፒውተር ሲደረድር 10ን ከ2 እንዳያስቀድም ይረዳሉ። በቀን 120 ደረሰኝ የሚቆርጥ ቅርንጫፍ በ300 የሥራ ቀን 36,000 ስለሚደርስ አምስት አሃዝ ይበቃዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዓመቱ ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2017 የተቆረጠ ደረሰኝ የ2018 በጀት ዓመት ስለሆነ ቀኑ 2017 እያለ ቁጥሩ 18 ይላል። ልዩነቱ እስከ ጳጉሜን ይቆይና መስከረም 1 ላይ ይጠፋል። ሠራተኞች ይህን ካላወቁ «ተሳስቷል» ብለው በእጅ ያስተካክሉታል። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ደግሞ ዓመቱን ከፈረንጅ ካሌንደር ወስዶ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ በበጀት ዓመቱ መሃል ቆጠራውን ከ1 ሊጀምር ይችላል። ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት ይህን ቅንብር ማየት ያስፈልጋል። ቆጠራውን በየዓመቱ ከ1 አለመጀመርም ይቻላል፤ ያኔ ዓመቱን ቁጥሩ ውስጥ መጻፍ የግድ አይሆንም። የማያዋጣው በየዓመቱ ከ1 እየጀመሩ ዓመቱን መተው ነው።

ቁጥሩ የሚሰጠው ደረሰኙ ጸድቆ ሲወጣ እንጂ ረቂቁ ሲከፈት አይደለም። ረቂቅ ቁጥር ይዞ ከጠፋ በተከታታዩ ላይ ክፍተት ይተዋል። የወጣ ደረሰኝ ከተበላሸም አይጠፋም፤ «የተሰረዘ» ተብሎ ከነኮፒዎቹ ይቀመጣል፤ ቁጥሩም ለሌላ አይሰጥም።

በወሩ መጨረሻ ምርመራው ቀላል ነው። ሐዋሳ በወሩ ከ00412 እስከ 00787 ቆርጧል እንበል። 787 ሲቀነስ 412 ሲደመር 1፣ 376 ቁጥሮች ይሆናል። ፋይሉ ውስጥ 371 የወጡና 4 የተሰረዙ ከተገኙ አንድ ይጎድላል። ሠራተኛዋ ዝርዝሩን በቁጥር ቅደም ተከተል ስትደረድር ከ00654 ቀጥሎ 00656 ታያለች፤ የምትፈልገው 00655ን ነው። ድምሩ ልክ ቢመጣም ግን መርካት አይገባም፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተጽፎ ሌላው ቢጎድል ቆጠራው ይገጥማልና ድግግሞሽም ይታያል።

ይህ ቁጥር የድርጅቱ የውስጥ መለያ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የሚያትመውን የኤፍ ኤስ ቁጥርም ሆነ በፈቃድ በታተመ ፓድ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር አይተካም። ግብር ሰብሳቢው የሚያውቀው እነዚያን ነው። ስለዚህ በሂሳብ መዝገቡ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ኦዲተር በየትኛውም ቢጠይቅ ሌላው ይገኛል።

አሠራሩን ለመቀየር የሚያስብ ድርጅት የድሮ ደረሰኞችን ቁጥር አይነካ፤ ደንበኛው እጅ ያለው ወረቀት አይቀየርምና። አዲሱን ሐምሌ 1 ይጀምር፤ የቅርንጫፎቹን መለያና ቁጥር የሚሰጥበትን ደንብ በአንድ ገጽ ጽፎ ለየቅርንጫፉ ሂሳብ ሠራተኛ አስቀድሞ ይስጥ።