ጸረ-ቫይረሱ «አደገኛ ነው»፣ አምራቹ «ችግር የለውም» ሲሉ

እ.ኤ.አ. በማርች 2023 መጨረሻ፣ 3CX የተባለውን የቢሮ ስልክ ፕሮግራም በሚጠቀሙ ድርጅቶች ኮምፒውተሮች ላይ ሴንቲነልዋን የተባለው የጥበቃ ሶፍትዌር ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ጀመር። ፋይሉ የመጣው ከራሱ ከአምራቹ ነው፤ ዲጂታል ፊርማውም ትክክለኛ ነበር። ስለዚህ ብዙዎች የሐሰት ማንቂያ መሰላቸው። አምራቹን የጠየቁ ደንበኞችም መጀመሪያ ላይ «የጸረ-ቫይረሱን ድርጅት ጠይቁ» ተባሉ።

ማርች 29 ላይ እውነቱ መውጣት ጀመረ። ሰርጎ ገቦች ፕሮግራሙ ወደሚዘጋጅበት ሥርዓት ዘልቀው ffmpeg.dll በተባለው ፋይል ውስጥ ተንኮለኛ ኮድ ሸሽገው ነበር።

ፊርማ የሚያረጋግጠው ፋይሉ ከማን እንደወጣና ከተፈረመ በኋላ እንዳልተነካካ ብቻ ነው። ከመፈረሙ በፊት የገባውን አያሳይም፤ አምራቹም ራሱ ሳያውቅ በቅንነት ሊሳሳት ይችላል።

በእርግጥ የሐሰት ማንቂያም ብዙ ነው፤ በተለይ ጥቂት ሰው ባወረደው አዲስ ፕሮግራም ላይ። ፋይሉን ቫይረስ ቶታል ላይ በብዙ ጸረ-ቫይረሶች ማስመርመር ይረዳል፤ ነገር ግን ዝምታቸው ነጻነቱን አያረጋግጥም፣ አዲስ ጥቃትን መጀመሪያ የሚያየው አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ይልቅ ፋይሉን ለጸረ-ቫይረሱ ድርጅት ልከው ማስጠንቀቂያው እስኪነሳ ይጠብቁ። እስከዚያ ጥበቃውን አጥፍተው አይጫኑት።