በፋይል ሰርቨር ላይ የደረሰን ራንሰምዌር መግታት፦ የእርምጃዎች ቅደም ተከተል

የጋራ ሰነዶችን የያዘ ሰርቨር በራንሰምዌር ተመትቶ ቤዛ የሚጠይቅ ጽሑፍ በየፎልደሩ ሲገኝ፣ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ሰርቨሩን ማጥፋት ነው። ይህ እርምጃ ግን የጥቃቱን ምንጭ የሚያመለክተውን መረጃና በራም ውስጥ ያለውን ማስረጃ ያጠፋል።

ፋይሎቹን የሚመሰጥረው ፕሮግራም በሰርቨሩ ላይ ላይኖር ይችላል። ለምሳሌ የአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር ቢበከል፣ ፕሮግራሙ በዚያው ኮምፒውተር ላይ እየሠራ የጋራ ፎልደሩን ፋይሎች በኔትወርክ በኩል ሊመሰጥር ይችላል። ሰርቨሩ ይህን እንደ ተራ የተጠቃሚ ሥራ ስለሚቀበለው በራሱ ላይ የተጫነው ጸረ ቫይረስ ምንም ላያገኝ ይችላል። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ፋይሎቹን የከፈተው ማን እንደሆነ በሚከተለው ትእዛዝ ይታወቃል፤ ውጤቱም በውጫዊ ዲስክ ላይ ይመዘገባል።

```
Get-SmbOpenFile |
 Select-Object ClientComputerName,ClientUserName,Path |
 Export-Csv E:\open.csv
```

ግንኙነቱ ሲቋረጥ ይህ ዝርዝር ስለሚጠፋ ምዝገባው ይቀድማል። ሆኖም ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚወስድ ከሆነ መተው አለበት። የቤዛው ጽሑፍ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው የተጠቃሚ ስም ዘግይቶም ቢሆን ተመሳሳይ ፍንጭ ይሰጣልና።

ቀጥሎ የሰርቨሩና የተጠረጠረው ኮምፒውተር የኔትወርክ ገመድ ይነቀላል፤ ሁለቱም ግን አይጠፉም። በዚህ ጊዜ ምስጠራው ከቆመ ምንጩ ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው። ከቀጠለ ፕሮግራሙ በሰርቨሩ ላይ አለ ማለት ስለሆነ ሂደቱ ባለበት እንዲታገድ ይደረጋል። ይህ ካልተቻለ ብቻ፣ ያልተነኩትን ፋይሎች ማዳን ስለሚበልጥ፣ ኃይሉ ይቋረጣል።

ማስረጃ የሚሰበሰበው ቶሎ ከሚጠፋው ጀምሮ ነው። በመጀመሪያ የራም ቅጂ፣ ከዚያም የዲስክ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፤ ሁለቱም በውጫዊ ዲስክ ላይ ተቀምጠው የSHA-256 እሴታቸው ይመዘገባል። የምስጠራው ቁልፍ የሚገኘው ፕሮግራሙ በሚሠራበት ማሽን ራም ውስጥ ስለሆነ፣ በምሳሌው የሠራተኛው ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ይቀድማል። በ2017 በተሰራጨው ዋናክራይ ጊዜ፣ ቁልፉ የተሠራባቸው ብቸኛ ቁጥሮች በአንዳንድ የዊንዶውስ ስሪቶች ራም ውስጥ ቀርተው ስለነበር ፋይሎችን መልሶ መክፈት ተችሏል። ይህ የሠራው ግን ከጥቃቱ በኋላ ዳግም ባልተነሡ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው፤ ሌሎች ራንሰምዌሮችም ይህን ዕድል ላይሰጡ ይችላሉ።

ፋይሎችን ከመጠባበቂያ ቅጂ መመለስ የመጨረሻው እርምጃ ነው። የመጀመሪያው ፋይል የተመሰጠረበት ሰዓት ጥቃቱ የጀመረበትን ጊዜ አያሳይም፤ አጥቂው ቀናት ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመግቢያው መንገድ ከተሰበሰበው ማስረጃ ተለይቶ ሳይዘጋና የተጠቃሚው የይለፍ ቃል ሳይለወጥ መጠባበቂያው ከኔትወርኩ ጋር ቢገናኝ፣ የቀረው ብቸኛ ቅጂም ሊመሰጠር ይችላል።