ከዙሪክ የተላከች የዳቦ ካርድ

ሰሞኑን ከዙሪክ አንድ ፎቶግራፍ ደረሰን። የሰልፍ ፎቶ ወይም የመግለጫ ቅጂ መስሎን ስንከፍተው ቅቤ የነካት፣ ጥጓ የታጠፈ፣ በጀርመንኛ የእጅ ጽሑፍ የተሞላች የዳቦ አሠራር ካርድ ሆና አገኘናት። ላኪዋ እህታችን እንዲህ ስትል ጽፋለች፦ «ካርዷ የጎረቤቴ ናት። ልጆቼ ያደጉት እሑድ እሑድ እሷ በምትጋግረው ዳቦ ነው። አሁን አርጅታ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገብታለች። ጋግሬ ልወስድላት ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱም ተበላሸብኝ። በመጀመሪያው ሊጡ እምቢ ብሎ ቀረ። በሁለተኛው እርሾውን እጥፍ ባደርገው ነፋ፤ ግን ላዩ አርሮ ውስጡ ሊጥ ነው፣ ጨውም ሆኗል። እባካችሁ በአማርኛ አስረዱኝ።»

እኛ ጄኔቭ ያለነው መግለጫና አቤቱታ መተርጎም እንጂ ዳቦ መተርጎም አልለመድንም። ቢሆንም ዳቦውን እናውቀዋለን። ዙሪክ ዞፕፍ ይሉታል፣ እኛ ዘንድ ትሬስ ነው፤ ሁለቱም ሹሩባ ማለት ነው፣ ሊጡ እንደ ፀጉር ስለሚጎነጎን። ጀርመንኛ የሚያውቅ ወዳጃችንን ጠርተን ፎቶውን በኮምፒዩተር አጉልተን ተቀመጥን።

ዱቄት 500 ግራም፣ ቅቤ 60 ግራም፣ ወተት 3 ዴሲሊትር፣ ስኳር ጥቂት፣ ከትኩሱ እርሾ ግማሽ ኩብ፣ ላዩን የሚቀባ አንድ እንቁላል። እስከዚህ ያስቸገረን ነገር የለም። ዴሲሊትር (dl) የሊትር አንድ አሥረኛ ነው። መለኪያ ለሌለው በስዊስ ቡና ቤት ብርጭቆ ላይ የምትታየው ቀጭን መስመር ያንኑ ነው የምትለካው። እርሾ ስንል ግን የዳቦውን ነው፤ ለእንጀራ ከምናስቀምጠው ቡኮ ጋር እንዳይምታታ። ኩቡ 42 ግራም ስለሆነ ግማሹ 21 ይሆናል፤ በደረቁ ከሆነ አንድ 7 ግራም ከረጢት ይተካዋል።

ችግሩ ጨው ላይ ነበር። እህታችን «1½ EL» ብላ አንብባዋለች፤ EL የሾርባ ማንኪያ ነው። የፎቶው ጥላ ፊደሏ ላይ አርፏል። ወዳጃችን KL ናት አለ፣ ስዊሶች የቡና ማንኪያ የሚሏት፣ የእኛ የሻይ ማንኪያ። ማን ልክ እንደሆነ ከፎቶው ብቻ መፍረድ አልተቻለም፤ የፈረደው ዱቄቱ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ለመቶ ግራም ዱቄት ወደ ሁለት ግራም ጨው ይይዛል። ለ500 ግራም 10 ግራም ቢሆን ነው። አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ስምንት ዘጠኝ ግራም ገደማ ይመዝናል። አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ግን 25 ግራም ያህል ነው። ያን ያህል ጨው እርሾን ያፍነዋል፣ ሊጡ ያልነሳውም ለዚሁ ነው። እርሾ ቢጨመርበት ይነፋ ይሆናል፣ ጨውነቱ ግን የት ይሄዳል?

ሁለተኛው ጥፋት ምድጃው ነው። ካርዷ ላይ «200°, O/U» ይላል። ወዳጃችን ቃል በቃል «የላይ ሙቀት፣ የታች ሙቀት» ብሎ ሲተረጉምልን ከመካከላችን አንዷ ሳቀች። «ይሄማ ድፎ ዳቦ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። እናቶቻችን ሊጡን በኮባ ጠቅልለው ምጣድ ላይ ሲደፉት ከሥር እሳት፣ ከአክንባሎው በላይ ፍም አልነበረም? የስዊሱ ምድጃ ያንኑ በኤሌክትሪክ ያደርጋል፤ ምልክቱ ከላይና ከታች የተሰመሩ ሁለት አግድም መስመሮች ናቸው። እህታችን ያዞረችው ማራገቢያ የተሳለበትን ነበር። እሱ የጋለ አየር እያነፈሰ ላዩን ቶሎ ያደርቃል፣ ያጠቁራልም፤ ውስጡ ገና ሳይደርስ። ማራገቢያ ብቻ ያለው ሰው ሙቀቱን ወደ 180 ያውርድ። የጄኔቭ ሰዎች ደግሞ በፈረንሳይኛ ካርድ ላይ «ቴርሞስታት 6» የሚል ቢገጥማችሁ ስድስት ዲግሪ እንዳይመስላችሁ፤ ቁጥሩን በ30 አባዙት፣ 180 ማለት ነው።

የቀረውን በስልክ ነገርናት። ሊጡ ተሸፍኖ እጥፍ እስኪሆን መጠበቅ፣ ሰዓት ሳይሆን ዓይን ነው የሚፈርደው። ከዚያ ጎንጉኖ፣ እንቁላል ቀብቶ፣ ከምድጃው መሐል ዝቅ ባለው እርከን ላይ 35 ደቂቃ ያህል። መብሰሉን ለማወቅ ገልብጦ ሥሩን በጣት ማንኳኳት፤ ባዶ ቆርቆሮ የተመታ ያህል ካስተጋባ ደርሷል፣ ድምፁ ከታፈነ ይመለስ።

እሑድ ማታ ደወለች። ዳቦው ነፍቶ፣ ወርቅ መስሎ ወጥቷል። አሮጊቷም ቆርሳ ቀምሳ፣ ዝም ብላ ቆይታ፣ «ጨው አንሶታል» አለቻት። ለካ የእሷ የቡና ማንኪያ ልክ ሳይሆን ክምር ኖሯል! እህታችን ይህን በአማርኛ ካርዷ ጠርዝ ላይ ጽፋዋለች።