ዱቤ የሚጀምርበት ቀን

ልጅቷ ወደ ቢሮዬ የመጣችው ብድር ፈልጋ ነው። ዲላ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ እኔ ደግሞ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የብድር ባለሙያ ነኝ። «ጋሼ፣ 2,000 ብር ብቻ ስጡኝ፤ የሱቁን ዱቤ ልዝጋና በተረፈው ወሩን ልጨርስ» አለች። ደመወዝሽ ስንት ነው ስላት 6,000 አለችኝ። እጅሽ የሚገባውስ ስላት ግን ዝም አለች።

ወረቀት አወጣሁና አብረን አሰላን። የጡረታው 7 በመቶ 420 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ ይቆረጣል። የእሷ ግብር 700 ብር መጣ። እጇ የሚገባው እንግዲህ 4,880 ነው፤ ወሩን ስታቅድ የኖረችው ግን በ6,000 ነበር። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን በጀት የሚስተው እዚሁ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለፈውን ወር ወጪ ጻፊልኝ ስላት አላስታውስም አለች። ማን ያስታውሳል? እኔም የራሴን አላስታውስም። የሚያስታውሰው ባለሱቁ ነው። ደብተሩን በስልኳ አንስታ እንድታመጣልኝ ላክኋት፤ በማግስቱ የሦስት ወሩን ይዛ መጣች። ያለፈው ወር ድምር 1,140 ብር ነበር። የመጀመሪያው መስመር የተጻፈው ደመወዝ በወጣ በዘጠነኛው ቀን ነው።

ወሩ እንዲህ ሆነ። ደመወዝ ሲወጣ መጀመሪያ የዱቤው 1,140 ይከፈላል። የአንዲቷ ክፍል ኪራይ 1,800፣ ለመብራትና ውኃ ለአከራይዋ 120፣ ለስልክ 100፣ ቡሌ ላለች እናቷ 200። በእጇ የሚቀረው 1,520 ነው። እሱ ሲያልቅ ዱቤ ትጀምራለች፤ በወሩ መጨረሻ እንደገና 1,140 ላይ ትደርሳለች። ስለዚህ የምትበላው በ1,520 አይደለም፤ ከነዱቤው በ2,660 ነው። ምግብና ኪራይ ብቻ እጇ ከሚገባው ከ100 ብር ውስጥ 91 ብሩን ይወስዳሉ።

በሥልጠና ላይ ደጋግመን የምንሰማው ገቢን ግማሹን ለግድ ወጪ፣ 30 በመቶውን ለፍላጎት፣ 20 በመቶውን ለቁጠባ መክፈል የሚል ቀመር አለ። ኤልዛቤት ዋረን ከልጇ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የታወቀ ነው፤ ለአሜሪካ ቤተሰብ የታሰበ ነው። እዚህች ልጅ ፊት ብደረድረው ስድብ ይሆንብኛል። ብድሩንም አልሰጠኋትም። ክፍያው የሚወጣው ከዚያው 4,880 ነውና ዱቤውን ከሱቅ ወደ እኛ ማዛወር ብቻ ነበር፤ ያውም በወለድ። ባልደረቦቼ «መጀመሪያ ትቆጥብ» ይላሉ። እኔ ዱቤ ላለበት ሰው የመጀመሪያው ቁጠባ የዱቤው መቀነስ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ያቀድነው በየወሩ 190 ብር መቀነስ ነው። ዱቤው በስድስት ወር ያልቃል ማለት ነው። ምግቡ ከ2,660 ወደ 2,470 መውረድ አለበት። 190ው ከየት ይምጣ? ደብተሩን እያገላበጥን ፈለግን። ዘይት በትንሽ ላስቲክ ስምንት ጊዜ ወስዳለች፤ ሲደመር አንድ ሊትር አይሞላም፣ ዋጋው ግን ከሊትሩ በ70 ብር ይበልጣል። ስኳርና ሳሙናም እንዲሁ በጥቂት በጥቂቱ እየተገዙ 40 ብር ያህል አስከፍለዋታል። የቀረው 80 የጠዋት ዳቦ ነው። እናቷ በኮባ ጠቅልላ በሚኒባስ የምትልክላት ቆጮ አለ፤ ግን ጠዋት ለመጋገር ጊዜ የለኝም ስትል ይቆያል። ማታ መጋገር ጀመረች።

ለሊትር ዘይት የሚሆን ገንዘብ በእጅ የሚኖረው ደመወዝ በወጣ ሰሞን ብቻ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን 1,000 ብር ለዱቄት፣ ለዘይት፣ ለሽንኩርት፣ ለስኳር፣ ለሳሙናና ለከሰል ወጣ። የቀረውን 1,470 በሳምንት አልከፈልነውም። ወራችን 30 ቀን ነው፤ አራት ሳምንት ብሎ የከፈለ ሰው ሁለት ቀን ይጎድልበታል፤ የሚጎድለውም ወር ጫፍ ላይ ነው። በአምስት አምስት ቀን ሲከፈል ልክ ስድስት ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ አምስት ቀን 245 ብር ይደርሰዋል።

በመጀመሪያው ወር ከ1,520ው ላይ 1,000ው ሲወጣ 520 ይቀራል፤ ሁለት አምስት ቀን ያህል ነው። ከ11ኛው ቀን ጀምሮ ዱቤ ነው፤ ግን ጣሪያ አለው፣ በየአምስት ቀኑ ከ245 አይበልጥም፤ በወሩ መጨረሻ 950 ላይ ይቆማል። ባለሱቁን ራሷ ነግራዋለች፤ ከዚያ በላይ እንዳይጽፍላት። ደመወዝ ሲወጣ ሙሉውን መክፈሏን ስላላቋረጠች ቅር አላለውም። በሁለተኛው ወር በእጅ ያለው 1,710 ስለሚሆን ዱቤው ወደ 15ኛው ቀን ይገፋል፣ በሦስተኛው ወደ 19ኛው።

እኔ የምጠይቃት «ስንት ቀረሽ» ብዬ አይደለም፤ «ዱቤ በስንተኛው ቀን ጀመርሽ» ብዬ ነው። ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ወር ሳያልቅ ይታወቃል።

ተበላሽቶም ነበር። የጀመርነው ጥቅምት ላይ ነው፤ በታኅሣሥ ቡሌ ለቅሶ ነበረባት። ትራንስፖርቱና ይዛ የሄደችው ተደምሮ የወሩን 190 በላው፤ ዱቤው 760 ላይ ቆመ። አልቅሳ መጣች፤ እኔ ግን ምንም አልከፋኝም። ዕቅዱ በአንድ ወር ረዘመ እንጂ አልፈረሰም። የሚያፈርሰው የኪራይ ጭማሪ ነው። አከራይዋ 300 ብር ቢጨምሩባት ከዘይትና ከዳቦ ተቀንሶ የሚሞላ ቀዳዳ አይደለም፤ ያኔ ያለው መንገድ ክፍሉን ከሌላ ሰው ጋር መጋራት ወይም መልቀቅ ነው፤ ደብተር አያድንም።

ጊዜውም ረድቷታል። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም ዲላ ላይ ገንዘብ አለ፤ ባለሱቁም ዱቤውን ሰብስቦ እቃ ይሞላል። ክረምት ላይ ግን ሰፈሩ ሁሉ በዱቤ ስለሚበላ እሱም ይጠብቃል፤ ጣሪያ ተስማሙልኝ ለማለት ክረምት አይመችም። ቡና ለቀማና እጥበት ላይ ብቻ የሚሠሩ እናቶች ሒሳባቸው ሌላ ነው። ለእነሱ በጀት የወር ሳይሆን የዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ሥራም የክረምቱን ኪራይ በለቀማው ወራት ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

ዱቤዋ ሚያዝያ ላይ ዜሮ ገባ። አሁን ግንቦት ነው፤ ያው 190 ብር ለመጀመሪያ ጊዜ ከደመወዟ ተርፎ እኛ ዘንድ ገቢ ሆኗል። በዚህ ከቀጠለች እስከ ነሐሴ 760 ይሞላል። ገንዘቡ ባለቤት አለው፦ ጳጉሜን። ኪራይም ደመወዝም የሌለባቸው አምስት ቀኖች ናቸው፤ ሆድ ግን አለ። አንዱ 245 ለእነሱ ነው። የቀረው 515 ለእንቁጣጣሽ።

«በእሱ ዶሮ ይገዛል?» አለችኝ።

«አይገዛም» አልኳት። «እንቁላል ይገዛል።»

ሳቀችና ደረሰኟን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።