በስፓኒሽ ማዘዝና መከልከል

አማርኛ ተናጋሪ ጓደኛውን «ክፈት» ይለዋል፤ ሲከለክለው ደግሞ «አትክፈት» እንጂ «አይ ክፈት» አይለውም። ስፓኒሽም ለመከልከል የግሡን መልክ ይለውጣል። «አብሬ» ማለት «ክፈት» ነው፤ «አትክፈት» ግን «ኖ አብራስ» ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ በትእዛዙ ላይ «ኖ»ን ብቻ ጨምሮ «ኖ አብሬ» ይላል፤ ሰሚው ግን ይህን የሚረዳው «አይከፍትም» ብሎ ነው። ክልከላው ወሬ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

የክልከላውን መልክ ለማግኘት ከ«እኔ» መነሳት ይሻላል። «እከፍታለሁ» «አብሮ» ነው፤ የመጨረሻዋን «ኦ» አንስተን «አስ» ስንተካ «አብራስ» ይሆናል። በ«አር» የሚያልቁ ግሦች ግን «ኤስ» ይይዛሉ፤ «አብላ» (ተናገር) ሲከለከል «ኖ አብሌስ» ነው። ከ«እኔ» የመነሳት ጥቅሙ በአመለኞቹ ግሦች ይታያል። «ፖን» (አስቀምጥ) እና «ቤን» (ና) በትእዛዝ ጊዜ አጥረው ቢቀሩም፣ «አስቀምጣለሁ» «ፖንጎ»፣ «እመጣለሁ» «ቤንጎ» ስለሆነ ክልከላቸው «ኖ ፖንጋስ»፣ «ኖ ቤንጋስ» ይሆናል።

ለትልቅ ሰው ወይም ለማናውቀው ሰው ሲሆን «አብራ» (ይክፈቱ)፣ «ኖ አብራ» (አይክፈቱ) ነው። እዚህ ላይ መልኩ አይለወጥም፤ «ኖ» ብቻ ይጨመራል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቶሎ ይለምደዋል፤ የእኛም «ይክፈቱ» ሰውየውን በቀጥታ እያናገረ መልኩን የሚዋሰው ስለ ሌላ ሰው ከሚነገረው ነውና።

የሚያደናግረው የተውላጠ ስሞቹ ቦታ ነው። እኛ «ክፈተው» ስንልም «አትክፈተው» ስንልም «ው» ከግሡ መጨረሻ አትነሳም። ስፓኒሽ ግን ያንቀሳቅሳታል። በር፣ «ፑዌርታ»፣ በስፓኒሽ ሴት ነው፤ ስለዚህ «ላ» ይተካዋል። ሲታዘዝ ከኋላ ተጣብቆ በአንድ ቃል «አብሬላ» ይባላል። ሲከለከል ከግሡ ፊት ለብቻው ቆሞ «ኖ ላ አብራስ» ይሆናል። በአክብሮትም ሕጉ ያው ነው፦ «አብራላ»፣ «ኖ ላ አብራ»።

ሁለት ተውላጠ ስሞች ሲገናኙ ሰው ይቀድማል፣ ዕቃ ይከተላል። «ቁልፉን ስጠኝ» ለማለት «ዳሜ ላ ያቤ» ይባላል። ቁልፉ ቀድሞ ከተነሳ «ዳሜላ» ብቻ ይበቃል፦ «ዳ» ስጥ፣ «ሜ» ለእኔ፣ «ላ» እሱን። ሲከለከል ሁለቱም ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ወደ ፊት ይመጣሉ፦ «ኖ ሜ ላ ዴስ»። በጽሑፍ «ዳሜላ» በ«ዳ» አናባቢ ላይ የጭረት ምልክት ይደረግበታል፤ ቃሉ ቢረዝምም የድምፁ ጫና ከቦታው እንዳልተነሳ የሚያሳይ ነው። «ዳሜ» ለብቻው ሲጻፍ ግን ምልክቱ አያስፈልገውም።

አዲስ ግሥ ስታጠኑ እንግዲህ ትእዛዙን ለብቻው አትያዙ፤ «አብሬላ፣ ኖ ላ አብራስ» እያላችሁ ጥንዱን በአንድ ትንፋሽ ልመዱት።