የውጤታማነትና የዝውውር አሃዶች ብዛት ዘዴ

የውጤታማነትና የዝውውር አሃዶች ብዛት ዘዴ ተሠርቶ ባለ ሙቀት መለዋወጫ ውስጥ የሚያልፉ ሁለት ፈሳሾች በምን ያህል መጠነ ሙቀት እንደሚወጡ ለማስላት የሚያገለግል ዘዴ ነው። የሚታወቁት የመግቢያ መጠነ ሙቀቶቻቸው፣ የፍሰት መጠናቸውና የመሣሪያው ስፋት ብቻ ናቸው። በሎጋሪዝም አማካይ ልዩነት የሚሠራው ሌላው የተለመደ ዘዴ የመውጫ መጠነ ሙቀቶችንም ስለሚጠይቅ፣ እዚህ ላይ መውጫውን ገምቶ ደጋግሞ ማረም ግድ ይሆናል።

የዘዴው መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሊተላለፍ የሚችለው ከፍተኛው ሙቀት ስንት ነው? የእያንዳንዱ ፈሳሽ ፍሰት በልዩ ሙቀቱ ሲባዛ የሙቀት አቅም ፍሰቱን (C) ይሰጣል። ያነሰ C ያለው ፈሳሽ መጠነ ሙቀቱ ይበልጥ ስለሚለወጥ ጣሪያውን የሚወስነው እሱ ነው። ትልቁ C ያለው የመግቢያ ልዩነቱን በሙሉ ቢለወጥ ኖሮ ትንሹ ከዚያ በላይ መለወጥ ነበረበት፤ ይህ ደግሞ አይቻልም። በተግባር የተላለፈው ሙቀት ለዚህ ጣሪያ ያለው ድርሻ ውጤታማነት (ε) ይባላል።

የዝውውር አሃዶች ብዛት (NTU) የመሣሪያውን ትልቅነት ከፍሰቱ አንጻር ይለካል። U የሙቀት ማስተላለፍ ጠቅላላ መጠን፣ A የገጽታው ስፋት፣ Cr ደግሞ የትንሹ C ለትልቁ ያለው ንጽጽር ሲሆን፣ ፈሳሾቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲፈሱ፦

```
NTU = U·A / Cmin
Cr  = Cmin / Cmax
ε = (1 − e^(−NTU(1−Cr))) / (1 − Cr·e^(−NTU(1−Cr)))
```

Cr 1 ሲሆን ይህ ቀመር ዜሮን ለዜሮ ያካፍላል፤ ያኔ ε = NTU/(1+NTU) ይወሰዳል።

ለምሳሌ፣ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው የሞተር ዘይት በ20 ዲግሪ ውሃ ይቀዘቅዛል እንበል። የዘይቱ C 1 ኪሎ ዋት በኬልቪን፣ የውሃው 2 ነው። U 0.3 ኪሎ ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን፣ ስፋቱም 5 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ NTU 1.5፣ Cr 0.5፣ ε ደግሞ 0.69 ይሆናል። ጣሪያው 1 × (100 − 20) = 80 ኪሎ ዋት ስለሆነ የሚተላለፈው 55.3 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ዘይቱ በ55.3 ዲግሪ ቀዝቅዞ በ44.7 ዲግሪ ይወጣል፤ ውሃው በ27.6 ዲግሪ ሞቆ በ47.6 ይወጣል። ውሃው ከሚወጣው ዘይት በልጦ መሞቁ ስሕተት አይደለም፤ በተቃራኒ ፍሰት የሚቻል ነገር ነው። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ቢፈሱ ግን ቀመሩ ሌላ ነው፦ ε ወደ 0.60 ይወርዳል፣ ዘይቱም በ52.3 ዲግሪ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው U ነው። የዘይት ውፍረት ከመጠነ ሙቀቱ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ U በመግቢያው መጠነ ሙቀት ብቻ ተሰልቶ ከሆነ መውጫው ከተገኘ በኋላ በአማካዩ እንደገና ይሰላል። በአገልግሎት ብዛት ገጽታው ላይ ቆሻሻ ሲጋገርም U ይቀንሳል። ከላይ ባለው ምሳሌ U ወደ 0.2 ቢወርድ NTU 1፣ ε 0.56 ይሆንና ዘይቱ በ55 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ፍሰቱና መግቢያው ሳይለወጡ ቴርሞሜትሩ ከ45 ወደ 55 ካሻቀበ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቧንቧዎቹ መቆሸሽ ነው።